የደም ካልቸር ከአንቲባዮቲክ በፊት፦ ከኒውዮርክ እስከ ሐዋሳ

ዕውቁ የሙዚቃ ደራሲ ጉስታቭ ማህለር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1911 ኒውዮርክ በሚገኘው የካርኔጊ አዳራሽ የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን የመሩት ትኩሳት እያላቸው ነበር። በ1907 የልብ ቫልቭ ጉዳት እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል። ትኩሳቱ ባለመብረዱ ዶክተር ኢማኑኤል ሊብማን ሲመረምሯቸው የልብ ሙርሙር፣ ያበጠ ጣፊያ፣ በቆዳና በዐይን ሽፋን ላይ ጥቃቅን የደም ነጥቦች፣ እንዲሁም የጣት ጫፎች መወፈርን አገኙ። ረዳታቸው ጆርጅ ቤር ከክንድ ደም ስር ደም ወስደው በማብቀያ ላይ አኖሩት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስትሬፕቶኮከስ በቀለ። ውጤቱ ትክክል ቢሆንም መድኃኒት አልነበረም። ማህለር በዚያው ዓመት ሜይ 18 ቀን በቪየና አረፉ።

በሽታው የጀመረው ተሕዋስያኑ ከመምጣታቸው አስቀድሞ ነው። በተጎዳ ቫልቭ በኩል ደም እየተናወጠ ሲያልፍ የውስጡን ስስ ሽፋን ይልጠዋል፤ በተላጠው ስፍራ ፕሌትሌትና ፋይብሪን ይረጋሉ። ከአፍ ወይም ከቆዳ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ በዚህ ላይ ይጣበቃል፤ ተጨማሪ ፋይብሪንም ይሸፍነዋል። ነጭ የደም ሕዋሳት በቀላሉ ስለማይደርሱበት እዚያው ይራባል፤ ባክቴሪያም ያለማቋረጥ ወደ ደም ይለቀቃል። ስለዚህ ካልቸር ለመውሰድ ትኩሳቱ ከፍ እስኪል መጠበቅ አያስፈልግም።

በአገራችን ለቫልቭ ጉዳት ዋነኛው ምክንያት የሩማቲክ የልብ በሽታ በመሆኑ ታማሚው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። ሐዋሳ ውስጥ ወደ ሆስፒታል የሚመጣ እንዲህ ያለ ታማሚ ለሳምንታት በቆየ ትኩሳት ምክንያት፣ ታይፎይድ ነው ተብሎ፣ አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ዶዝ እንኳ በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ሊያዳክምና ካልቸሩን ኔጋቲቭ ሊያደርገው ይችላል፤ በቫልቩ ላይ ያለው ግን አይጠፋም። ትኩሳቱ በርዶ መድኃኒቱ ሲቆም የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

ፔኒሲሊን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ለዚህ በሽታ ከዋለ ወዲህ የካልቸሩ ትርጉም ተለውጧል። በማህለር ዘመን የሞት ፍርድ ያስነብብ የነበረው ማብቀያ፣ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚዘልቀውን ሕክምና በየትኛው መድኃኒት እንደምንሰጥ ይነግረናል። ይህን መልስ ለማግኘት ለአዋቂ ታማሚ ከተለያዩ ሦስት የደም ስሮች፣ ቆዳው በሚገባ ከጸዳ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይወሰዳል። ታማሚው የተረጋጋ ከሆነ በመሐል ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። የደም ግፊቱ ከወደቀ ወይም ልቡ እየደከመ ከሆነ ግን ናሙናዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ተወስደው መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመራል። አስቀድሞ አንቲባዮቲክ የወሰደ እንደሆነም የመድኃኒቱ ስምና የመጨረሻው ዶዝ ጊዜ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ያ ካልተጻፈ፣ ኔጋቲቭ ውጤት የመጣለት ሐኪም ቫልቩ ንጹሕ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።