አዲስ የኤንቪኤምኢ ዲስክ የማይታይበት ምክንያትና የሳታ ፖርቶች መዘጋት

ኤንቪኤምኢ ዲስክ ያለ ኬብል፣ በማዘርቦርዱ ላይ ባለው ኤም.2 በሚባል ጠባብ ማስገቢያ የሚሰካ ማከማቻ ነው። በብዛት የሚሸጠው 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ገዝተው ከሰኩት በኋላ ከሚሰሙት ቅሬታዎች ሁለቱ ጎልተው ይወጣሉ፤ አንዱ «አዲሱ ዲስክ አይታይም» የሚል ነው፣ ሌላው ደግሞ «አዲሱ ታየ፣ አሮጌው ግን ጠፋ» የሚል። ሁለተኛው ቅሬታ ግራ ያጋባል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም።

«አይታይም» ሲባል መጀመሪያ የት እንዳልታየ መለየት ያሻል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩ በባዮስ ውስጥ ከታየና ዊንዶውስ ውስጥ ብቻ ከሌለ ችግሩ ቀላል ነው። አዲስ ዲስክ ባዶ ሆኖ ስለሚመጣ እስኪዘጋጅ ድረስ የራሱ ፊደል ኖሮት ከሌሎቹ ጋር አይሰለፍም። ዊንዶውስ ላይ `diskmgmt.msc` ብለው ሲከፍቱ ከታች `Not Initialized` ተብሎ ይገኛል። `GPT` የሚለውን መርጦ ክፍልፋይ መፍጠር ይበቃል። እዚህ ላይ መጠኑን ማየት ይጠቅማል፤ 1 ቴራባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በዊንዶውስ አቆጣጠር 931 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ ይታያል። መጠኑን ሳያዩ አሮጌውን በአዲሱ ስም መደምሰስ ከዲስክ አለመታየት የባሰ ጣጣ ነው።

ዲስኩ በባዮስም ከሌለ ግን ዊንዶውስን መነካካት ጊዜ ማጥፋት ነው። መጀመሪያ የሚፈተሸው አሰካኩ ነው። ዲስኩ ጠመም ብሎ ይገባና ወርቃማ ጥርሶቹ እስኪሸፈኑ ተገፍቶ ወደ ታች ይጫናል፣ ከዚያ በብሎን ይያዛል። ብሎኑ የሚያርፍበት ትንሽ ምሰሶ በትክክለኛው ቀዳዳ ላይ ካልተተከለ ዲስኩ ይጎብጣል፣ ጥርሶቹም በደንብ አይነኩም።

አሰካኩ ደህና ከሆነ ጥያቄው ወደ ማስገቢያው ይዞራል። ኤም.2 የቅርጽ ስም እንጂ የአሠራር ስም አይደለም። በዚሁ ቅርጽ በሳታ የሚሠራ ዲስክም፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚሠራ ኤንቪኤምኢም ይመጣል። ጥርሶቹ መሐል ሁለት ክፍተት ያለው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የሳታ ነው፤ ኤንቪኤምኢ ብቻ በሚቀበል ማስገቢያ ውስጥ በሚገባ ይሰካል፣ ግን ፈጽሞ አይታይም። «ኤንቪኤምኢ ገዛሁ» የሚል ሰው ዲስኩን አውጥቶ መለያ ወረቀቱን እንዲያነብ የሚመከረው ለዚህ ነው።

አሮጌው ዲስክ የሚጠፋበትን ምክንያት ለመረዳት ቺፕሴት የሚባለውን ክፍል ማወቅ ያስፈልጋል። ሳታ፣ ዩኤስቢና አብዛኞቹ ተጨማሪ ማስገቢያዎች ከቺፕሴቱ በሚወጡ ፈጣን መስመሮች ይሠራሉ፤ የእነዚህ መስመሮች ቁጥር ደግሞ የተወሰነ ነው። ኢንቴል በ2015 ያወጣውን ዜድ 170 ብንወስድ 26 መስመሮች አሉት። ዝርዝሩ ላይ ግን እስከ 20 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር፣ እስከ 6 የሳታ ፖርትና እስከ 10 የዩኤስቢ 3.0 ፖርት ይላል። ሲደመር 36 ነው። ስሌቱ የሚገጥመው አንዳንዶቹ መስመሮች ሁለት ሥራ ስለተሰጣቸው ነው፤ ለምሳሌ አንዱ መስመር ወይ ለሳታ ወይ ለፒሲአይ ኤክስፕረስ ያገለግላል፣ በአንድ ጊዜ ለሁለቱም አይሆንም። «እስከ» የምትለዋ ቃል የተቀመጠችው በከንቱ አይደለም።

ማዘርቦርድ ሠሪው ታዲያ አንዳንድ የሳታ ፖርቶችን መስመር ከኤም.2 ማስገቢያ ጋር ያጋራል። ማስገቢያው ባዶ ሲሆን ፖርቶቹ ይሠራሉ። ዲስክ ሲሰካ ማዘርቦርዱ በኤም.2 ላይ 69ኛ በሆነችው እግር አማካኝነት የገባው ሳታ ይሁን ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይለያል፤ እግሯ በሳታ ዲስክ ላይ ከመሬት ጋር የተያያዘች ናት፣ በኤንቪኤምኢ ላይ ግን ክፍት ናት። ኮምፒውተሩ ሲነሳም መስመሮቹ በዚያው መሠረት ይደለደላሉ። በብዙ ማዘርቦርዶች የሳታ ዓይነት ኤም.2 አንድ ፖርት ብቻ ሲወስድ፣ አራት መስመር የሚፈልግ ኤንቪኤምኢ ሁለት ፖርት ይዘጋል። የትኞቹ እንደሚዘጉ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የአንዱን በሌላው መገመት አይቻልም።

ስድስት የሳታ ፖርትና ሁለት የኤም.2 ማስገቢያ ያለው ማዘርቦርድ እንውሰድ። የላይኛው ማስገቢያ በቀጥታ ከሲፒዩ ጋር የተገናኘ ነው፣ ማንንም አይነካም። የታችኛው ከቺፕሴቱ የሚመጣ ሲሆን ከ5ኛውና ከ6ኛው የሳታ ፖርት ጋር መስመር ይጋራል። ባለቤቱ ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ በላይኛው አስገብቷል፤ ፎቶና ሰነድ የያዘው 2 ቴራባይት ሀርድ ዲስክ 6ኛው ላይ ነው። አዲሱን ኤንቪኤምኢ በታችኛው ሰክቶ ሲያስነሳ አዲሱ ይታያል፣ ፎቶዎቹ ግን የሉም። ኬብሉን ይነቅላል፣ ይሰካል፣ በሌላ ይቀይራል፤ ለውጥ የለም። ሀርድ ዲስኩ ሞቷል ብሎ ሊደመድም ሲል እጁን ቢያስነካው ሲሽከረከር ይሰማዋል። ይህ ግን አያስገርምም፤ ኃይል የሚያገኘው በሌላ ኬብል ከፓወር ሰፕላዩ ነው፣ የተዘጋው የመረጃው መንገድ ብቻ ነው። ባዮስ ውስጥ 5ኛውና 6ኛው ባዶ ተብለው ይታያሉ። መፍትሔው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ የመረጃ ኬብሉን ወደ 1ኛው ፖርት ማዛወር ነው። ዊንዶውስ ዲስክን የሚያውቀው በራሱ መለያ እንጂ በፖርቱ ቁጥር ስላልሆነ፣ ፋይሎቹ ሳይነኩ ብዙውን ጊዜም በዚያው ፊደል ይመለሳሉ።

በተዘጋው ፖርት ላይ የነበረው ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ቢሆን ኖሮ ጥቁሩ ስክሪን የሚከተለውን ይጽፍ ነበር፦

```
Reboot and Select proper Boot device
```

ያን ጊዜ ሰው ዊንዶውስ ተበላሸ ብሎ እንደገና ለመጫን ይቸኩላል። አዲሱን ኤንቪኤምኢ ነቅሎ ማስነሳት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ምላሽ ይሰጣል፤ አሮጌው ከተመለሰ ጉዳዩ የመስመር መጋራት ነው ማለት ይቻላል። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ነገሩ በተቃራኒው ይሆናል፤ ባዮስ ውስጥ መስመሩ ለሳታ ፖርቶቹ እንዲቀር ተመርጦ ከሆነ ሳታዎቹ ይሠራሉ፣ የማይታየው አዲሱ ዲስክ ይሆናል።

ከሲፒዩ የሚመጣ ማስገቢያም የራሱ ወጥመድ አለው። ቢ 560 ቺፕሴት ባላቸው ማዘርቦርዶች ላይ የላይኛው ኤም.2 የሚሠራው በኢንቴል 11ኛ ትውልድ ሲፒዩ ነው። የ10ኛው ትውልድ ሲፒዩም እዚያው ላይ ይገጠማል፣ ኮምፒውተሩም ይነሳል፤ ነገር ግን ይህ ሲፒዩ 16 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ብቻ ስላለው ለዲስኩ የሚተርፍ የለም። ማስገቢያው የሞተ ይመስላል። ዲስኩን ወደ ታችኛው ማዛወር ያሠራዋል፣ የታችኛው ግን ከሳታ ጋር መስመር የሚጋራ ከሆነ ወደ ቀደመው ጉዳይ ተመለስን ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል፤ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ከማከማቻ ዝርዝሩ ግርጌ፣ በኮከብ ምልክት በተያያዘ ትንሽ ጽሑፍ ነው። ሁሉም የሳታ ፖርቶች ተይዘው ከሆነ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ የሚገባ የሳታ ካርድ፣ ወይም ኤንቪኤምኢውን ራሱን የሚሸከም አስማሚ ካርድ መጠቀም ይቻላል። ከመግዛት በፊት ግን ያው መመሪያ እንደገና መታየት አለበት፤ ካርዱ የሚገባበት ማስገቢያም በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ከዚያው ከኤም.2 ጋር መስመር ይጋራል።