ሴራ ማለት ሕግ ነው፦ ከቡታጅራ ዕድር መዝገብ የተማርነው

የአዲስ አበባ ልጅ «ሴራ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ወዲያው የሚታየው ሹክሹክታና ድብቅ ስብሰባ ነው። ቡታጅራ ላይ አንድ ሽማግሌ «በእኛ ሴራ እንዲህ ነው» ቢሏችሁ ግን አትደንግጡ። በጉራጌ ቋንቋዎች ሴራ ማለት ሕግ፣ ሥርዓት ማለት ነው። ክስታኔዎች የጎርደና ሴራ አላቸው፤ ሰባት ቤት ጉራጌ የየጆካ ቂጫ አለው፤ ቡታጅራ የተቀመጠችበት የመስቃን ሕዝብም የራሱ ሴራና የራሱ ሸንጎ አለው። ብዙ ሰው ተስማምቶ እንዲኖር የሚያደርግ ሕግ በአንዱ ቋንቋ ሴራ ተብሎ ሲከበር በሌላው ቋንቋ ያው ቃል ያስወነጅላል። ቋንቋ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ትልልቆቹ ሸንጎዎች አይደለም። የእነዚህ ሴራዎች ታናሽ ወንድም ስለሆነውና ሁላችንም ቤት ስላለው፣ ግን ማናችንም አንብበነው ስለማናውቀው ወረቀት ነው፦ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ።

በቃል የነበረው ለምን ተጻፈ?

የድሮው ሴራ አይጻፍም ነበር። መጻፍም አላስፈለገውም። አዋቂዎቹ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ ነገሩ ይሰማል፣ ያለፈ ፍርድ ከትዝታ ይጠቀሳል፣ ስምምነት እስኪገኝ ይነጋገራሉ። ልጁ ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ ሲሰማ ያድጋል፤ ሲሸብት እሱም ሕግ አዋቂ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን ሰዎቹ ሁሉ አንድ አገር ተወልደው፣ አንድ ቋንቋ ተናግረው፣ የአንዱን አያት ሌላው ሲያውቅ ነው።

ከተማ ሲመጣ ይህ ይፈርሳል። ዕድር እንዲህ ባለ ቦታ የበቀለ ነገር ነው። ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች አጀማመሩን በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ወደ አዲስ አበባ ከገቡ ስደተኞች፣ በተለይም ከጉራጌዎች ጋር ያያይዙታል። አገር ቤት ቢሆን ሬሳውን ዘመድ ያነሳዋል፤ መርካቶ ላይ ግን ማን ያነሳዋል? በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) እና ከዚያ በኋላ ዕድር እየተስፋፋ ሄዶ ከዘመድ ማኅበር የሰፈር ማኅበር ሆነ። መዋጮው ሲያድግ መዝገብ መጣ፤ መዝገብ ሲመጣ ጸሐፊ መጣ፤ ጸሐፊ ሲመጣ ደንቡ ከአፍ ወደ ወረቀት ወረደ።

መንግሥትም እጁን አስገባ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 የወጣው የማኅበራት መመዝገቢያ ደንብ ማኅበር ሁሉ መተዳደሪያውን ይዞ እንዲመዘገብ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ የዕድር ደንብ ሁለት አንባቢ አለው፤ አንዱ ቢሮ ውስጥ ማኅተም ይዞ የተቀመጠው ሹም፣ ሌላው ለቅሶ የደረሰበት ጎረቤት። እስቲ የሰፈራችሁን ዕድር ደንብ አውጥታችሁ እዩት። መጀመሪያው ገጽ ላይ «አንቀጽ»፣ «ንዑስ አንቀጽ»፣ «የዕድሩ ሕጋዊ ሰውነት» ይላል፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ስለ ድስት፣ ስለ አግዳሚ ወንበርና ስለ ድንኳን ካስማ ማውራት ይጀምራል። የመጀመሪያው ገጽ ለሹሙ ነው። ሦስተኛው ገጽ ለእኛ ነው።

የአክስታችን ደንብ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። መስቃኑ፣ ስልጤው፣ ማረቆው፣ ክስታኔው፣ ከሌላም አገር የመጣው ነጋዴ አንድ መንደር ውስጥ ይኖራል፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ይጎራበታሉ። ከእኛ የአንዳችን አክስት እዚያ ትኖራለች። ባሏ ያረፈ ጊዜ ለለቅሶ ሄደን የዕድሯን ደንብ እዚያው ድንኳን ውስጥ አነበብነው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነው፤ የተጻፈውም በአማርኛ ነው። ለአብዛኞቹ አባላት ግን አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ለዚህ ይመስለናል ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር የሆኑት። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ማንበብ የማይችል አባል በጆሮው ካልያዘው ደንቡ የለም ማለት ነውና።

ሌላም ያስተዋልነው ነገር አለ። ደንቡ ዝም ብሎ አያዝም፤ ምክንያቱን ይናገራል። «ዕድሩ ለሐዘንተኛ የሚያቀርበው ንፍሮ፣ ዳቦና ቡና ነው፤ ሥጋ አይቀርብም፤ ሁላችንም አብረን እንድንበላ» ይላል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ የሚያውቅ ሰው ይህ አንድ መስመር ስንት ኩርፊያ እንዳስቀረ ይገባዋል። «ሙስሊም አባል ሲያርፍ ቀብሩ በዕለቱ ስለሆነ ገንዘብ ያዥ ገንዘቡን በዚያው ቀን ያደርሳል» ይላል ሌላው። «እናት ማለት የወለደች ወይም ያሳደገች ናት» ይላል ሦስተኛው፤ ከዚህ መስመር ጀርባ በአንድ ወቅት «ይቺ እኮ እንጀራ እናቱ ናት» ተብሎ ድንኳን የተከለከለ ሰው እንዳለ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ደንብ የድሮ ጠብ መዝገብ ነው። ጠቡ ይረሳል፣ መስመሩ ይቀራል።

አክስታችንን ያስለቀሳት ግን ሌላ መስመር ነበር፦ «ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል ሐዘን ቢደርስበት ድንኳንና ሰው ይሄድለታል፤ ገንዘብ አይሰጠውም።» ባሏ ሦስት ወር አልከፈለም ነበር። ታሞ ነበር፤ ለእሷም አልነገራትም። ድንኳኑ ተተከለ፣ ጎረቤት ሦስት ቀን አስተዛዘነ፣ ገንዘቡ ግን ቀረ።

ተቆጣን። የቀረው ውዝፍ 150 ብር ነው፣ የሚሰጠው ደግሞ 10,000 ብር። ታዲያ 150ውን ቀንሰው ቀሪውን ለምን አይሰጧትም? ይህንኑ የዕድሩን ዳኛ ጠየቅናቸው። በዕድር ቋንቋ ዳኛ ማለት ሰብሳቢው ነው። ረጋ ብለው «ልጆቼ፣ ቁጭ በሉና እናስላው» አሉን።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 120 አባወራ በወር 50 ብር ቢከፍል በዓመት 72,000 ብር ይገባል። በዓመቱ 6 ሐዘን ቢደርስና ለእያንዳንዱ 10,000 ብር ቢሰጥ 60,000 ይወጣል፤ 12,000 ለድንኳን ጥገናና ለወንበር ይተርፋል። አሁን «ውዝፉ ከሐዘን ገንዘብ ላይ ይቀነሳል» የሚል መስመር ጻፉ። ብልጥ የሆነው አባል ወዲያው ይገባዋል፤ ሰው ካልሞተበት ለምን ይከፍላል? ሲሞትበት ይቀነስለታል። እንዲህ ብለው 40 አባወራዎች መክፈል ቢያቆሙ የሚገባው ገንዘብ ወደ 48,000 ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሐዘንተኞች ሙሉውን ይወስዳሉ፤ አምስተኛው 8,000 ያገኛል፤ ስድስተኛው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ድንኳኑም ቀዳዳው አይደፈንም። ያ ስድስተኛ ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሳያጓድል የከፈለ ሊሆን ይችላል።

ዝም አልን። ደንቡ ጨካኝ መስሎን ነበር፤ ለካ ስድስተኛውን ሰው እየጠበቀ ነው።

የተሳሳተው ምኑ ላይ ነው?

ሆኖም አክስታችንም ትክክል ነበረች። ቅር ያላት የሦስት ወሩ ገደብ አልነበረም። «እኔ መቼ ሰማሁ?» ነው ያለችው። መዝገቡ ላይ ያለው የባሏ ስም ነው፤ ማስጠንቀቂያውም ለእሱ ብቻ ተነግሮ ነበር። ንፍሮውን የምትቀቅለው፣ በየለቅሶው እንስራ ተሸክማ የምትሄደው እሷ፤ አባል ተብሎ የሚጠራው ግን እሱ። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ስድስተኛውን ሐዘንተኛ አስበውታል፤ ምድጃው ሥር የተቀመጠችውን ግን አላዩዋትም።

ይህ በጉራጌ ምድር አዲስ ክርክር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ውርድወት የተባለችው ሴት ሌሎች ሴቶችን አስከትላ የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማለች። ጥያቄዋ ስለ ጋብቻና ፍቺ ነበር፤ በተለይም ሴት ባሏ ካልፈታት በቀር ሌላ እንዳታገባ በእርግማን የሚያስረውን አንቂት የተባለ ሥርዓት ተቃወመች። ሸንጎው የወንዶች ነበር፤ ሕጉም የተሠራው እሷ ባልተቀመጠችበት ቦታ ነው። ያነሳችው ጥያቄ ዛሬም በየዕድሩ ይሠራል፦ ሕጉ ሲነገር እኔ የት ነበርኩ?

አክስታችን ጥያቄዋን ይዛ ጠቅላላ ጉባኤ ገባች። ጉባኤው የሦስት ወሩን ገደብ አልነካም። አንድ መስመር ብቻ ጨመረ፦ «ሁለት ወር ያልከፈለ አባል ሲኖር ጸሐፊው ቤቱ ድረስ ሄዶ ለባልም ለሚስትም ይነግራል፤ መናገሩንም በመዝገብ ይጽፋል፤ ያልተነገረው ቤት ገንዘቡ አይከለከልም።» ከዚያ በመቀጠል ባል ወይም ሚስት ሲሞት የቀረው ያለ አዲስ መግቢያ ክፍያ አባል ሆኖ እንዲቀጥል ተስማሙ። ለእሷ ወደኋላ ተመልሶ አልሠራላትም፤ ዳኛው «ደንብ ወደፊት ነው የሚሄደው» አሏት። አልተስማማችም፣ ግን ፈረመች።

ስንለያይ ዳኛውን አንድ ነገር ጠየቅናቸው፤ ደንብ መታመሙ በምን ይታወቃል? «መዋጮ መዝገቡን ከቃለ ጉባኤው ጋር አስተያየው» አሉ። መዋጮ መዝገቡ ላይ በእርሳስ «ተምሯል»፣ «ታልፏል» የሚል ጽሑፍ በዝቶ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ማን እንደማረው ካልተጻፈ፣ ደንቡ ለዘመድ መሥራት ጀምሯል ማለት ነው። ቀጥሎ ሰው ጉባኤ መምጣት ይተዋል። ከዚያ መክፈል ይተዋል። ድንኳኑ የሚቀደደው መጨረሻ ላይ ነው።

አክስታችን አሁን በራሷ ስም ትከፍላለች። አዲሱን መስመር ደብተሩ ላይ የጻፈው የጎረቤት ልጅ ነው፤ እሷ ማንበብ አትችልም። በቃሏ ግን ትወጣዋለች፤ ሴራ ድሮም እንዲህ ነበር የሚያዘው።