የተቀለበሰ ቅያሬ እና የማይመለሰው ክፍያ፦ የፍተሻው መስመር በራውተሩ ውስጥ ስላለው ቦታ

በኢተሪየም ላይ ባልተማከለ ገበያ ቶክን ሲቀየር ዋጋው በመሃል ተንቀሳቅሶ ከተጠቃሚው የመንሸራተት ገደብ ካለፈ፣ ቅያሬው ይቀለበሳል። ሊሸጥ የታሰበው ገንዘብ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም፤ የጋዝ ክፍያው ግን ይቀራል። ክፍያው ለምን እንደሚቀር በጽሑፎች ብዙ ተብሏል። መጠኑ አንዴ ትንሽ፣ አንዴ ደግሞ ከተሳካ ቅያሬ ጋር የሚቀራረብ የሚሆነው ለምን እንደሆነ ግን በቂ ትኩረት አላገኘም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የኪሳራውን መጠን በዋናነት የሚወስነው የራውተሩ ኮድ ጸሐፊ ነው የሚል ነው። አነስተኛ መጠንን የሚፈትሸው መስመር ከቅያሬው በፊት ወይስ በኋላ እንደተጻፈ ሳይታይ የሚሰጥ ማብራሪያ ጎዶሎ ነው።

ክፍያው የሚቀርበትን ምክንያት በተመለከተ ከቀደሙት ጋር ጠብ የለኝም። የቪታሊክ ቡቴሪን ነጭ ወረቀት ግብይት ሲከሽፍ ከክፍያው በቀር ሁሉም ለውጥ እንደሚሻር ደንግጓል፤ ዓላማውም አጥቂ ለሚበላው ሀብት በመጠኑ እንዲከፍል ማድረግ ነው። የጋቪን ውድ ቢጫ ወረቀት ይህንኑ በሒሳብ ቋንቋ አስቀምጦታል፦ የላኪው ተራ ቁጥር በአንድ ከፍ ይላል፣ የጋዙ ቅድመ ክፍያም ከሒሳቡ ይቀነሳል፤ የኮዱ አፈጻጸም የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መቀልበስ ኮዱ ወደ ጀመረበት ሁኔታ ይመልሳል እንጂ ከዚያ ወዲያ አይሻገርም። ስለዚህ ቅድመ ክፍያው ከሚሻረው ክልል ውጭ ነው። ከጥቅምት 2017 የቢዛንቲየም ማሻሻያ ወዲህ ኢአይፒ 140 ባስገባው የ`REVERT` ትእዛዝ ያልተበላው ጋዝ ለላኪው ይመለሳል፤ የተበላው ግን አይመለስም። ከነሐሴ 2021 የለንደን ማሻሻያ በኋላም ከክፍያው ውስጥ መነሻ ክፍያ የሚባለው ይቃጠላል፣ ለአረጋጋጩ የሚደርሰው ጉርሻው ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የጠፋውን ክፍያ በሙሉ የአረጋጋጭ የድካም ዋጋ ብሎ ማስረዳት ዛሬ ትክክል አይደለም።

ጠቡ የሚጀምረው መጠኑ ላይ ነው። ፊሊፕ ዳያን እና ሰባት ባልደረቦቹ በ2019 ያወጡት «ፍላሽ ቦይስ 2.0» የተባለው ጥናት፣ ቦቶች ለብሎክ ቅድሚያ ሲሉ የጋዝ ዋጋ እየጨመሩ የሚጫረቱበትን ውድድር በጥልቀት መርምሯል። የተሸናፊው ግብይት ብሎክ ውስጥ ገብቶ ስለሚከሽፍ ተሸናፊውም ይከፍላል። በሞዴላቸው ይህ ክፍያ ከሙሉው ክፍያ የተወሰነ ድርሻ ተደርጎ ይወሰዳል። ለጨረታ ትንተና ይህ አካሄድ ያዋጣል። ቦቱ የራሱን ኮንትራት ራሱ ጽፏል፤ ትርፉ ከእጁ እንደወጣ ካወቀ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ አቁሞ በትንሽ ኪሳራ ይወጣል። ያ ድርሻ ስለዚህ የቦቱ የራሱ ምርጫ ውጤት ነው። ተራው ሰው ግን ከማንም ጋር አልተጫረተም፣ የሚጠቀምበትንም ኮድ ሌላ ሰው ነው የጻፈው። ያንን ድርሻ እንደ ቋሚ ቁጥር ወደ እርሱ ማሸጋገር የጥያቄውን እምብርት ከሞዴሉ ውጭ ማስቀረት ነው። ድርሻው ከየት እንደመጣ መታየት አለበት፤ የሚታየውም ብዙ ጊዜ እንደ ምንጭ የማይጠቀሰው የራውተሩ ኮድ ውስጥ ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። በዩኒስዋፕ ሁለተኛው ስሪት አንድ ፑል 1,000 ኢተር እና 2,000,000 ዩኤስዲሲ ይዟል እንበል። አንዲት ሴት 5 ኢተር ልትሸጥ ፈለገች። የ0.3 በመቶው ክፍያ ተቀንሶ በፑሉ ቀመር ሲሰላ 9,920.55 ዩኤስዲሲ እንደምታገኝ ማሳያው ይነግራታል። የመንሸራተት ገደቧ 0.5 በመቶ ስለሆነ `amountOutMin` የሚባለው ዝቅተኛ መጠን 9,870.94 ሆኖ ከግብይቱ ጋር ተፈርሞ ይሄዳል። ግብይቷ ተራ እየጠበቀ ሳለ ሌላ ሰው 6 ኢተር ሸጦ ቀደማት። አሁን ፑሉ 1,006 ኢተር እና 1,988,107.14 ዩኤስዲሲ አለው፤ የእርሷ 5 ኢተር የሚያወጣው 9,803.03 ብቻ ነው። ከፈረመችው መጠን በ67.91 ስለሚያንስ ይቀለበሳል። ማንም አልሰረቃትም፤ ገደቡ እንዲሠራ የታሰበውን ሠርቷል።

ምን ያህል ጋዝ እንደበላ ለማወቅ ግን ኮዱ የሚሠራበትን ቅደም ተከተል ማንበብ ግድ ነው። በሁለተኛው ስሪት ራውተር ውስጥ እንዲህ ተጽፏል፦

```solidity
amounts = UniswapV2Library.getAmountsOut(factory, amountIn, path);
require(amounts[amounts.length - 1] >= amountOutMin,
  'UniswapV2Router: INSUFFICIENT_OUTPUT_AMOUNT');
```

ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው መስመር ከዚህ በታች ነው። እስከዚህ ድረስ ኮዱ ያደረገው የፑሉን ክምችት ማንበብና አንድ ማባዛትና ማካፈል ነው። ማንኛውም ግብይት ከሚከፍለው 21,000 መነሻ ጋዝ ጋር ሲደመር ፍጆታው ወደ 30,000 ገደማ ይሆናል። የጋዝ ዋጋው 30 ግዌይ ከሆነ 0.0009 ኢተር ነው፤ አንድ ኢተር በ2,000 ዶላር ሲሰላ 1.80 ዶላር። ከ30 ግዌዩ 28ቱ መነሻ ክፍያ ከሆነ፣ 0.00084 ኢተሩ ተቃጥሏል፣ አረጋጋጩ ያገኘው 0.00006 ብቻ ነው።

የሦስተኛው ስሪት ራውተር ተመሳሳዩን ፍተሻ እንዲህ ያደርጋል፦

```solidity
amountOut = exactInputInternal(/* ... */);
require(amountOut >= params.amountOutMinimum, 'Too little received');
```

የመጀመሪያው መስመር ቅያሬው ራሱ ነው። ፑሉ ዋጋውን ያሰላል፣ የሚወጣውን ቶክን ለተቀባዩ ያስተላልፋል፣ የሚገባውን ቶክን በመልሶ ጥሪ ይቀበላል፣ ሒሳቡን ያረጋግጣል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ራውተሩ መጠኑ እንደማይበቃ አይቶ ሁሉንም የሚሽረው። በዚህ መንገድ የከሸፈ ቀላል ቅያሬ 120,000 ገደማ ጋዝ ቢበላ አያስገርምም፤ በዚያው የ30 ግዌይ ዋጋ 0.0036 ኢተር፣ ማለትም 7.20 ዶላር ነው። አውታሩ አንድ ነው፣ የጋዝ ዋጋው አንድ ነው፣ የሴትዮዋም ገደብ አንድ ነው። ኪሳራውን አራት እጥፍ ያደረገው የመስመሩ ቦታ ነው።

ልዩነቱ የስሪቶች ጠቅላላ ባሕርይ ነው የሚል ካለ ከሁለተኛው ስሪት ራውተር ሳይወጣ መልስ ያገኛል። እዚያው ውስጥ በማስተላለፊያ ጊዜ ለራሳቸው ድርሻ ለሚቆርጡ ቶክኖች የተዘጋጁ፣ ስማቸው `SupportingFeeOnTransferTokens` ብሎ የሚጨርስ ተግባራት አሉ። እነዚህ የተቀባዩን ሒሳብ ከቅያሬው በፊትና በኋላ አስተያይተው መጨረሻ ላይ ነው የሚፈትሹት። ያው ኮንትራት፣ ያው ፑል፣ ያው የስህተት መልእክት፤ ኪሳራው ግን በእጅጉ የተለያየ። ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ደረሰኙንና የስህተት መልእክቱን አይቶ ጉዳዩን መለየትም ይቻላል። የከሸፈ ግብይት ደረሰኝ ላይ `status` ዜሮ ነው። `gasUsed` ከተፈቀደው የጋዝ ጣሪያ ጋር እኩል ወይም በጣም የተጠጋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ አልቆ ነው፤ የዋጋ ጉዳይ አይደለም። ከጣሪያው በግልጽ ካነሰና መልእክቱ ከላይ ካሉት አንዱ ከሆነ የመንሸራተት ገደቡ ነው። `UniswapV2Router: EXPIRED` ወይም `Transaction too old` ካለ ቀነ ገደቡ አልፏል ማለት ነው። ያም በመጀመሪያ ስለሚፈተሽ ርካሽ ውድቀት ነው። ውድቀቶች በጅምላ ሲቆጠሩ እነዚህ ሦስቱ ተደባልቀው ከቀረቡ አማካዩ ምንም አይናገርም።

አንድ ተቃውሞ ይጠበቃል። በሦስተኛው ስሪት ገንዘቡ በዋጋ እርከኖች ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥ፣ ቅያሬው በየእርከኑ ካልተራመደ የሚወጣውን መጠን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። የስሪቱ የዋጋ ጠያቂ ኮንትራት ራሱ ቅያሬውን ጀምሮ በመቀልበስ ነው መጠኑን የሚያወጣው፤ ከሰንሰለቱ ውጭ ሲጠየቅ ነጻ ነው። ተቃውሞው ትክክለኛውን መጠን በተመለከተ ልክ ነው፤ እኛ ግን ትክክለኛው መጠን አያስፈልገንም። ቅያሬው ሊያወጣ የሚችለው መጠን በጅማሬው ዋጋ ከሚሰላው፣ የፑሉም ክፍያ ከሚቀነስለት መጠን መብለጥ አይችልም፤ እየተሸጠ ሲሄድ ዋጋው ይወድቃል እንጂ አይሻልም። የጅማሬው ዋጋ ደግሞ በፑሉ `slot0` ውስጥ ተቀምጧል። ራውተሩ እሱን አንብቦ ጣሪያው ከ`amountOutMinimum` በታች ከሆነ ወዲያው ማቆም ይችላል።

በምሳሌያችን እንየው። ከ6 ኢተሩ ሽያጭ በኋላ የፑሉ ዋጋ 1,976.25 ነው። በ5 ኢተር ተባዝቶ 0.3 በመቶ ሲቀነስ 9,851.6 ይሆናል፤ ከ9,870.94 ስለሚያንስ ግብይቱ ገና ሳይጀመር ተስፋ እንደሌለው ታውቋል። የቀደማት ሰው 4 ኢተር ብቻ ሸጦ ቢሆን ጣሪያው 9,890.8 ይሆን ነበርና ፍተሻው ያሳልፋታል፤ የምታገኘው ግን 9,841.97 ስለሆነ በሙሉ ዋጋ ትከሽፋለች። ስለዚህ ይህ ፍተሻ ሁሉንም አይዝም። የሚያመልጡት በብዛት ከፑሉ ጥልቀት አንጻር ትልልቅ የሆኑ ቅያሬዎች ናቸው፤ የእኛዋ ሻጭ የፑሉን ኢተር ግማሽ በመቶ በአንዴ አቅርባለች። ትንሽ ሰው ጥልቅ ፑል ላይ ሲቀይር ጣሪያውና ትክክለኛው መጠን እጅግ ይቀራረባሉ፤ ጥበቃው የሚያስፈልገውም በዋናነት ለእርሱ ነው።

ወጪው የተሳካላቸውን ይጎዳል የሚለው ስጋት ብዙ አያስኬድም። ፑሉን ለመጀመሪያ ጊዜ መንካት 2,600፣ `slot0`ን ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ 2,100 ጋዝ ያስከፍላል። ይህ ወጪ ግን ለማንኛውም በቅያሬው ውስጥ የሚከፈል ነው፤ አንዴ ከተነካ በኋላ በዚያው ግብይት ውስጥ ዳግም ማንበቡ 100 ጋዝ ብቻ ነው። የሚጨመረው ጥሪውና ስሌቱ ነው፤ አንድ ሁለት ሺህ ጋዝ ቢሆን ነው። በርግጥ ይህ ግምት ለሌሎች ራውተሮችና ለሁለተኛ ንብርብር አውታሮች እንዳለ ይሠራል አልልም።

ግብይቱን በግል መስመር ልኮ፣ የሚከሽፍ ከሆነ ብሎክ ውስጥ ጨርሶ እንዳይገባ ማድረግም አለ፤ ፍላሽቦትስ ፕሮቴክት ይህን ያደርጋል። ዩኒስዋፕኤክስን በመሰሉ ሥርዓቶች ደግሞ ተጠቃሚው ትእዛዝ ብቻ ይፈርማል፣ ጋዙን ፈጻሚው ይሸፍናል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም ከተራው የግብይት መስመር መውጣትን ይጠይቃሉ፤ ራውተሩን በቀጥታ የሚጠራውን ሰው አይደርሱትም። ለእርሱ ያለው አማራጭ ገደቡን ማስፋት ብቻ ይመስላል፤ የሰፋ ገደብ ደግሞ ከፊቱና ከኋላው ገዝተው ሸጠው ልዩነቱን የሚወስዱ ቦቶችን ይጋብዛል።

በብዙ ፑሎች የሚያልፍ ቅያሬ ላይም ያው ጣሪያ የየፑሉን የጅማሬ ዋጋ በማባዛት ይገኛል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ፑል የሚከፈለው የመጀመሪያ ንክኪ 4,700 ጋዝ ነው፤ ሦስት ፑል ያለው መንገድ ቢከሽፍ ለዚህ ንባብ የሚያጣው 14,100 ጋዝ ነው። ዛሬ ግን በሦስተኛው ስሪት ፍተሻው የሚደርሰው ሦስቱም ቅያሬዎች ተፈጽመው ካለቁ በኋላ በመሆኑ፣ የሦስቱንም ሙሉ ጋዝ ከፍሎ ይወጣል።