በቦሌ ስስ አየር የደም ጉዞ

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲሠራ ካስገደዱት ነገሮች አንዱ የአዲስ አበባ አየር ስስነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ጄት ዘመን ሊሸጋገር ሲነሣ የልደታው ሜዳ አጠረው። ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት ሩብ ገደማ ብቻ ነው። በስስ አየር ክንፍ የሚያነሣው ይቀንሳል፣ ሞተርም ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ ቦይንግ 720 ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ቦሌ ሥራ ጀመረ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጣው ቦይንግ 787 ደግሞ የመንገደኛው ክፍል አየር ከ1,800 ሜትር ከፍታ አየር እንዳይሳሳ ሆኖ የተሠራ ነው። ከቦሌ ተነሥቶ ሲበር ውስጡ ያለው አየር ከአዲስ አበባው ይወፍራል ማለት ነው።

ስስ አየሩ ሰውንም ይፈትናል፤ ከጅቡቲ ዳርቻ መጥቶ ቦሌ የወረደ ሰው ሻንጣውን ይዞ ደረጃ ሲወጣ ቁና ቁና ይተነፍሳል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አልተለወጠም፣ 21 በመቶ ነው፤ ነገር ግን አየሩ ስለሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ቀንሷል። ደሙን እንከተለው።

ከእግሩ ጡንቻ የሚመለሰው ደም ኦክስጅኑን ስላራገፈ ጠቆር ያለ ነው። ወደ ላይ የሚገፋው የባቱ ጡንቻ መኮማተር ነው፤ በደም መልሶች ውስጥ ያሉት ትናንሽ በሮች ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዙታል። በልብ የቀኝ ላይኛ ክፍል ገብቶ ወደ ቀኙ ታችኛ ክፍል ያልፋል። የዚህ ክፍል ግድግዳ ስስ ነው፤ ሥራው ደሙን አጠገቡ ወዳለው ሳንባ መግፋት ብቻ ስለሆነ ከ25 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያልራቀ ግፊት ይበቃዋል። ግራው ታችኛ ክፍል ግን ደሙን ከራስ እስከ እግር ጥፍር ስለሚያደርስ 120 ገደማ ይገፋል፤ ግድግዳውም ወፍራም ነው።

ሳንባ ውስጥ ቀይ የደም ሴል በአየር ከረጢቶቹ ዙሪያ ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ያልፋል። ባረፈ ሰው ላይ ይህ ሦስት ሩብ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። በዝቅተኛ ሥፍራ ኦክስጅን ለመሙላት የዚያ ሲሶ ይበቃል። ሰውየው ሲሮጥ ደሙ ስለሚፈጥን ጊዜው ወደ ሩብ ሴኮንድ ሊያጥር ይችላል፤ በስስ አየር ደግሞ ኦክስጅኑን ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ዝቅተኛ ነው። ሴሉ ሳይሞላ ወደ ግራ ልብ ይሄዳል፤ ከዚያም በትልቁ ደም ቅዳ በኩል የጎደለ ጭነት ለጡንቻ ይደርሳል።

ይህን ዓለም በዓይኑ ያየው በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ነው። የሜክሲኮ ከተማ ከፍታ 2,240 ሜትር፣ ከቦሌ ብዙም የማይርቅ ነው። ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በተደረገው የ10,000 ሜትር ውድድር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ሲያሸንፍ ማሞ ወልዴ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት ሁለተኛ ወጣ። የአሸናፊው ሰዓት 29 ደቂቃ ከ27 ሴኮንድ ነበር። የክብረ ወሰኑ ባለቤት አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ከሦስት ዓመት በፊት ርቀቱን በ27 ደቂቃ ከ39 ሴኮንድ ጨርሶት ነበር፤ ያን ቀን ግን ስድስተኛ ሆኖ ገብቶ ወደቀ፣ ኦክስጅንም ተሰጠው። የክላርክ እግር አልደከመም ነበር ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሳንባው ላይ የጎደለውን ኦክስጅን ልቡ በፍጥነት በመምታት ብቻ ሊሞላው አይችልም ነበር። ከሳምንት በኋላ ማሞ ማራቶኑን አሸነፈ።

ስስ አየር ቀኙን ልብ በተለየ መንገድ ያስቸግረዋል። ሌላው የሰውነት ክፍል ኦክስጅን ሲያጣ ደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ የሳንባው ግን ይጠባሉ። ጥቂት ከረጢቶች ብቻ ሲታፈኑ ይህ ጥበብ ነው፤ ደሙ ጥሩ አየር ወዳለበት ይዞራል። መላው ሳንባ ኦክስጅን ካነሰው ግን ሁሉም ይጠባሉ፣ ቀኙም ክፍል ከልማዱ በላይ ይገፋል። የቆየ የሳንባ ሕመም ሲጨመርበት ክፍሉ ወፍሮ በመጨረሻ ይዝላል። ያኔ ደሙ ወደመጣበት ይከማቻል፦ የአንገት ሥር ይገተራል፣ እግር ያብጣል፣ ቁርጭምጭሚት በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። የዛለው ግራው ከሆነ ግን ውኃው ሳንባ ላይ ነው፤ ታማሚው በጀርባው ሲተኛ ይታፈናል፣ ሌሊት ተነሥቶ ይቀመጣል።

ከፍታ ላይ የከረመ ሰው ኩላሊቱ የኦክስጅን ማነስን ለይቶ መቅኔውን ቀይ ሴል እንዲያበዛ ያዝዛል፤ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደም በዚህ የተነሣ ይወፍራል። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት ግን በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የሰሜን ተራሮች አማራዎች ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢንም ሆነ የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል ከሚኖሩት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሙሌቱ በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ልኬቱ ለትውልዶች በተራራው ላይ ስለኖሩ ሰዎች እንጂ ትናንት ቦሌ ስለወረደው እንግዳ አይናገርም፤ እሱ መቅኔው እስኪደርስለት ሳምንታት ይጠብቃል።