የገደብ ርቀት፦ ከሞባይል አንቴና ፊት ስንት ሜትር?

የገደብ ርቀት ማለት ከአንድ አንቴና የሚወጣው የራዲዮ ሞገድ ለሰው ወደተፈቀደው መጠን እስኪወርድ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ከዚህ ርቀት ወዲያ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ ከተፈቀደው በላይ አይደርሰውም፤ ከዚህ ርቀት ወዲህ ግን ማንም እንዳይገባ መከልከል አለበት። የቴሌኮም መሐንዲሶች በሥራ ላይ «ኮምፕላያንስ ዲስታንስ» ይሉታል። አንዳንዱ «የደህንነት ርቀት» ሲለው ይሰማል፤ ይህ አጠራር ግን መስመሩን አንድ እርምጃ ያለፈ ሰው ወዲያው ይጎዳል የሚል ስሜት ያሳድራል። ነገሩ እንደዚያ ስላልሆነ «የገደብ ርቀት» የሚለው ይሻላል።

ቃሉ ለአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ ሩቅ ነገር አይደለም። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው መስመር የፋብሪካ ግቢ፣ መጋዘን፣ ኮንዶሚኒየምና ገና በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ጎን ለጎን ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር የሞባይል አንቴና የሚሰቀለው መሬት ላይ በቆመ ረጅም ታወር ወይም በሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ ከኢትዮ ቴሌኮም በተጨማሪ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም አገልግሎት ይሰጣል። ስለዚህ «ቤቴ ከታወሩ ስንት ሜትር መራቅ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር ግን የለም። መልሱ በአንቴናው ኃይል፣ በፍሪኩዌንሲውና ከሁሉም በላይ አንቴናው ባነጣጠረበት አቅጣጫ ይወሰናል።

መጀመሪያ ገደቡ ራሱ ከየት እንደመጣ እንይ። ብዙ አገሮች የሚከተሉት ዓለም አቀፉ አዮናይዝ የማያደርግ ጨረር መከላከያ ኮሚሽን በ1998 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2020 ያሻሻለውን መመሪያ ነው። የሞባይል ሞገድ እንደ ኤክስሬይ አቶምን አይሰብርም፤ በሰውነት ላይ መኖሩ የተረጋገጠው ጉዳት ማሞቅ ነው። መላ ሰውነት በአንድ ኪሎ ግራም 4 ዋት ያህል ሲቀበል የውስጥ ሙቀቱ ወደ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይጨምራል። ኮሚሽኑ ይህን መጠን ለ50 አካፍሎ ለሕዝብ 0.08 ዋት በኪሎ ግራም ፈቀደ። አንቴና ላይ ለሚሠራ፣ ሥልጠና ላገኘ ባለሙያ ያካፈለው ለ10 ነው። በሕዝቡ ገደብና ሙቀት መሰማት በሚጀምርበት መጠን መካከል ይህን ያህል ሰፊ ክፍተት አለ።

በሰውነት ውስጥ የገባውን ዋት በየደጃፉ መለካት አይቻልም። ስለዚህ ገደቡ በአየር ላይ ወደሚለካ መጠን ይቀየራል፤ እሱም የኃይል ጥግግት ይባላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ዋት እንደሚያርፍ የሚነግረን ነው። ለሕዝብ የተፈቀደው በ900 ሜጋኸርዝ 4.5፣ በ1800 ሜጋኸርዝ 9፣ ከ2000 ሜጋኸርዝ በላይ 10 ዋት በካሬ ሜትር ነው። ይህም የአንድ ቅጽበት ሳይሆን የ30 ደቂቃ አማካይ ነው። ዝቅ ባለው ፍሪኩዌንሲ ገደቡ የሚጠብቀው ሰውነት በዚያ ሞገድ የበለጠ ኃይል ስለሚቀበል ነው።

ርቀቱን ለመገመት መሐንዲሱ የሚነሣው ከሁለት ቁጥሮች ነው። አንደኛው ወደ አንቴናው የሚገባው ኃይል ነው። ሁለተኛው አንቴናው ያንን ኃይል ወደ ፊቱ ስንት እጥፍ እንደሚያጠናክረው የሚያሳየው ጌይን ነው። የእጅ ባትሪ ያንኑ ትንሽ አምፖል በመስተዋቱ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚሰበስበው አንቴናውም ኃይል አይፈጥርም፤ ያለውን ወደ ፊት ይሰበስበዋል። የሁለቱ ብዜት በሚከተለው ስሌት ውስጥ `EIRP` ተብሎ ይጻፋል፤ `S` ደግሞ የተፈቀደው የኃይል ጥግግት ነው፦

```
r = √( EIRP / (4 × π × S) )
```

በቁጥር እንሥራው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ጣሪያ ላይ ያለ አንቴና በ900 ሜጋኸርዝ 40 ዋት ይገባዋል እንበል፤ ጌይኑም 50 እጥፍ ነው። ብዜቱ 2000 ዋት ይሆናል። ይህን በ4.5 ገደብ ስናሰላው የገደብ ርቀቱ 6 ሜትር ያህል ይመጣል። ያው አንቴና በ1800 ሜጋኸርዝ 80 ዋት ቢያስተላልፍ ብዜቱ 4000 ዋት ነው፤ ገደቡም እጥፍ ስለሆነ ርቀቱ እንደገና 6 ሜትር ይሆናል። በ2100 ሜጋኸርዝ ሌላ 80 ዋት ቢጨመር ለብቻው 5.6 ሜትር ያህል ይሰጣል።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱም አገልግሎቶች ከአንድ አንቴና ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚወጡ አንዱን ብቻ ይዞ «6 ሜትር ይበቃል» ማለት አይቻልም። ሦስቱን ርቀቶች ደምሮ 17.6 ሜትር ማለትም ልክ አይሆንም። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱ አገልግሎት ከራሱ ገደብ ስንት እጁን እንደሚወስድ ማስላት፣ ከዚያም ድምሩ ከአንድ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። በምሳሌያችን ይህ የሚሆነው 10 ሜትር ላይ ነው። በዚያው ጣሪያ ሌላ ኩባንያ ተመሳሳይ አንቴና ወደዚያው አቅጣጫ ቢተክል ርቀቱ ወደ 14 ሜትር ያድጋል። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ብቻ አስልቶ «10 ሜትር» ቢል ሁለቱም ስሌቶች በየራሳቸው ልክ ናቸው፤ ጣሪያው ግን ልክ አይደለም።

ይህ ስሌት አንቴናው በሙሉ ኃይሉ ያለ ዕረፍት እንደሚያስተላልፍ ይወስዳል፤ በተግባር ኃይሉ በደንበኛው ብዛት ከፍና ዝቅ ይላል። ሁለት ሜትር ርዝመት ካለው አንቴና ጥቂት ሜትር ላይ ደግሞ ሞገዱ ገና ተሰብስቦ ስላላለቀ ቀመሩ ከፊት ያለውን መጠን አብልጦ ይገምታል። ሁለቱም ስሕተቶች ወደ ጥንቃቄው ያጋደሉ ናቸው። ሞገዱን ወደ ተጠቃሚው እያዞረ በሚልከው የ5ጂ አንቴና ላይ ግን የአማካዩ ስሌት የተለየ ስለሆነ የአምራቹ ሰነድ ያስፈልጋል።

እነዚህ 10 ሜትሮች የሚቆጠሩት አንቴናው ፊቱን ባዞረበት በኩል፣ በአንቴናው ከፍታ ላይ ነው። ከጀርባውና ከሥሩ የሚወጣው እጅግ ትንሽ ነው። ከሥሩ የሚወርደው የፊቱ መቶኛ ቢሆን ርቀቱ ከ10 ሜትር ወደ 1 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ትክክለኛው መጠን በአንቴናው ሰነድ ላይ ይገኛል። ያንኑ አንቴና 30 ሜትር ታወር ላይ ሰቅለን 6 ዲግሪ ወደ ታች ብናዘነብለው ዋናው ጨረር ምድር የሚነካው ከታወሩ 285 ሜትር ያህል ርቆ ነው። እዚያ የቆመ ሰው የሚደርሰው ከገደቡ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከምድር የሚመለሰው ሞገድ ቢታከልበትም ያው ነው። ልክ ታወሩ ሥር የቆመውም ከዚያ አይበልጥበትም። ስለዚህ መሬት ላይ ባለ ታወር አጥር ሥር ሱቅ የከፈተ ሰው በገደቡ ረገድ የሚያሰጋው ነገር የለም።

የሚያሰጋው ከፍታው ሲስተካከል ነው። አንዱ ቦታ ጣሪያው ራሱ ነው። ሮቶ የሚያጥበው፣ ዲሽ የሚያስተካክለው፣ ልብስ ለማስጣት የሚወጣው ሰው ሳያውቀው አንቴናው ፊት ሊቆም ይችላል። አንቴናው በጣሪያው ጠርዝ ላይ ሆኖ ወደ ውጭ ካየ ሰው የሚያገኘው ጀርባውን ነው። ጣሪያው መሐል ተተክሎ በጣሪያው ላይ አሻግሮ የሚያይ ከሆነ ግን 10 ሜትሩ የሚያልፈው ሰው በሚመላለስበት ላይ ነው። ይህን በዓይን መለየት ይቻላል። የሞባይሉ አንቴና ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ሳጥን ነው፤ ሰፊው ለስላሳ ገጹ ፊቱ ነው፤ ማቀፊያ ብረቱና ብሎኑ ያለበት ጀርባው ነው። ሰው በብዛት የሚፈራው ክቡ፣ ከበሮ የሚመስለው አንቴና ጣቢያን ከጣቢያ የሚያገናኝ ሲሆን በአብዛኛው የሚልከው ከሳጥኑ እጅግ ባነሰ ኃይል ነው።

ሌላው ቦታ የጎረቤት ሕንፃ ነው። ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ አንቴና ሲተከል ከፊቱ ባዶ ቦታ ነበር እንበል። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያ ቦታ ባለሰባት ፎቅ ይነሣና አንድ በረንዳ ከአንቴናው ፊት 8 ሜትር ላይ ይውላል። በምሳሌያችን ስሌት አንቴናው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በረንዳው ላይ የሚያርፈው ከገደቡ 1.6 እጥፍ ነው። መጀመሪያ ልክ የነበረው ስሌት አንድ ቁጥሩ ሳይነካ ስሕተት ሆነ። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ አንቴናውን ከፍ ማድረግ፣ አቅጣጫውን ማዞር ወይም ኃይሉን መቀነስ ነው። አስቀድሞ ግን ጎረቤት መገንባቱን ለኩባንያው የሚነግር ሰው ያስፈልጋል።

ጥርጣሬ ሲኖር የሚያረጋግጠው ልኬት ነው። ባለሙያው ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ሞገድ የሚደምር መለኪያ ይዞ ሰው በሚቆምበት ቦታ በተለያየ ከፍታ ይለካል። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው በቮልት በሜትር ነው፤ የ900 ሜጋኸርዝ ገደብ 41፣ የ2100ው 61 ያህል ይሆናል። በስልክ ላይ የሚታየው የኔትወርክ ዘንግ ለዚህ አያገለግልም። እንዲያውም ዘንጉ ሲያንስ ስልኩ ጣቢያውን ለማግኘት ኃይሉን ስለሚጨምር ከጆሮ አጠገብ ያለው መጠን ይጨምራል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የራዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያስከትል ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ አስገብቶታል። ለዚህ መነሻ የሆነው በዋናነት ጆሮ ላይ ተለጥፎ የሚውል ስልክን የተመለከተ ውስን ማስረጃ እንጂ የታወር ጉዳይ አልነበረም። ምርምሩ ቀጥሏል፤ ገደቡን ማክበር ግን የምርምሩን ማብቂያ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የኮንዶሚኒየም ማኅበር ኮሚቴዎችና የሕንፃ ባለቤቶች፣ የጣሪያ ኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሥዕል ጠይቁ። ሥዕሉ የየአንቴናውን አቅጣጫና የገደብ ርቀት፣ በጣሪያው ላይ ያሉትን ኩባንያዎች ሁሉ ደምሮ ያሳይ። የጣሪያው በር ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆንና ሠራተኛ ሲወጣ ኃይሉን ማን እንደሚቀንስ በውሉ ይጻፍ። ጎረቤት በገነባ ቁጥር ስሌቱ እንደገና እንዲሠራ የሚያስገድድ አንቀጽም ይግባበት። ኩባንያው መልስ ካልሰጠ ጥያቄውን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ አቅርቡ።