ሴትአፑ መጣ፣ አፕዴቱ ቀረ

ጥቅምት 13 ቀን 2001 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የወሩን የተለመደ ቀን ሳይጠብቅ አንድ ማስተካከያ በድንገት ለቀቀ። ለዊንዶውስ ኤክስፒ የተዘጋጀው ፋይል አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በወቅቱ በነበረው የዳያል አፕ መስመር፣ ምንም ቢንቀራፈፍ፣ በጥቂት ደቂቃ የሚወርድ ነበር። በወሩ ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ ይኸው ማስተካከያ በሚደፍነው ቀዳዳ ገብቶ ዓለምን አዳረሰ። የማስተካከያው መጠን ትንሽ ነበር፣ ዋጋውም ነጻ። ሆኖም እንደ ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ ዱራሜና አንጋጫ ባሉ ከተሞች ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ለማያውቅ ኮምፒውተር ይህን ፋይል ይዞለት የሚመጣ ሰው አልነበረም። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ታሪክ ብዙ ያልተነገረው ክፍል እዚህ ላይ ነው።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የበቃው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጪ ያለ ሰው ኢንተርኔት ሲል የስልክ መስመር ማለቱ ነበር። ጥሩ የሚባለው ዳያል አፕ በሰከንድ ሰባት ኪሎባይት ገደማ ያወርዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ሰዓት 25 ሜጋባይት ማለት ነው፣ ያውም መስመሩ ካልተቆረጠ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የኤክስፒ ሦስተኛው ሰርቪስ ፓክ ደግሞ 316 ሜጋባይት ነው። ያለማቋረጥ ቢወርድ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ወደ አሥራ ሦስት ይጠጋል። ስልኩ በደቂቃ እየቆጠረ፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ ይህን የሚሞክር ጤነኛ ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ሶፍትዌር ወደ ሆሳዕና የመጣው በመኪና ነው። 230 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በሲዲ ተጉዞ በሰው ቦርሳ ውስጥ ደረሰ። ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ኦፊስ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ፒችትሪ፣ አንድ ሁለት ጸረ ቫይረስ። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የሲዲ ማቀፊያ ይይዙ ነበር፤ «ፎርማት» ማስደረግ የሚፈልግ ሰው ማሽኑን ተሸክሞ ይመጣል፣ ባለሙያው ከማቀፊያው አንዱን መዝዞ ይጭናል። ያኔ ይህን «ኦፍላይን» ብሎ የሚጠራው አልነበረም። የአሜሪካም ሰው ፕሮግራም የሚገዛው በካርቶን፣ ሙሉውን በሲዲ ነበርና፣ በዚህ ረገድ ሆሳዕና ከዓለም ወደ ኋላ አልቀረችም።

ልዩነቱ የመጣው ከጫኑ በኋላ ነው። ሲዲ የተቃጠለበት ቀን ላይ የቆመ ሰዓት ነው። በ1996 ዓ.ም. የተቀዳ ኤክስፒ በ2001 ሲጫን፣ በመካከል ያሉት አምስት ዓመታት ያጋለጧቸው ቀዳዳዎች በሙሉ ክፍት ናቸው። መስመር ያለው ሰው እነዚያን ዓመታት በአንድ ሌሊት አፕዴት ያካክሳቸዋል። መስመር የሌለው ደግሞ እዚያው 1996 ላይ ይኖራል፤ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ፍላሽ ብቻ ነው።

የኮንፊከር ሠሪዎች ይህን የሚያውቁ ይመስላል። ከታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራጨው ሁለተኛው ዓይነት በኔትወርክ ብቻ ሳይሆን በፍላሽም ይጓዝ ነበር። ፍላሹ ሲሰካ የሚመጣው የዊንዶውስ መስኮት ላይ «ፎልደሩን ከፍተህ ፋይሎቹን እይ» የሚል፣ ቢጫ የፎልደር ምስል ያለው ምርጫ ይጨምራል። ያን የጫነ ሰው የከፈተው ፎልደር ሳይሆን ቫይረሱን ነው። ምልክቱ በፍላሹ ላይ `autorun.inf` የተባለ ፋይልና `RECYCLER` የተባለ ድብቅ ፎልደር መገኘት ነበር። ከዚህ የከፋው ግን ቫይረሱ ገብቶ የሚሠራው ነው። የዊንዶውስን አፕዴት ያጠፋል፣ የማይክሮሶፍትንና የጸረ ቫይረስ ድርጅቶችን ድረ ገጾች ይዘጋል። ሌላው ገጽ ሁሉ እየተከፈተ እነዚያ ብቻ እምቢ ካሉ፣ በሽታው ታወቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የለንደንና የሆሳዕና ባለሙያ እኩል ሆኑ። መስመር ያለውም ቢሆን ከተያዘው ማሽን ላይ መድኃኒቱን ማውረድ አይችልም። ከንጹሕ ኮምፒውተር አስቀድሞ አውርዶ፣ በሲዲ ይዞ መምጣት ግዴታው ሆነ። ባለጸጋው ዓለም በአንድ ጊዜ ወደ እኛ አሠራር ተመለሰ። ለእሱ ግን ጊዜያዊ ነበር።

ታዲያ በትክክል የሚዘጋጅ ሲዲ ምን ይመስል ነበር? ነገሩ ሁሉ ቅደም ተከተል ነው። የኮንፊከር ማስተካከያ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 ወይም 3 ከሌለው ማሽን ላይ አይጫንም። ፋይሉን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው አሮጌውን ኤክስፒ ሲያገኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰርቪስ ፓክ 3፣ ቀጥሎ `WindowsXP-KB958644-x86-ENU.exe`፣ ከዚያ ጸረ ቫይረሱ፣ የኔትወርክ ገመዱ ከሁሉም በኋላ። ገመዱን አስቀድሞ የሰካ ባለሙያ፣ ቢሮው ውስጥ አንድ የታመመ ማሽን ካለ፣ ገና ጭኖ ሳይጨርስ ያስይዘዋል። በፋይሉ ስም መጨረሻ ያለው `ENU` ለእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ብቻ ማለት ነው፤ ከዐረብ አገር በመጣ የዐረብኛ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም።

ጎበዞቹ ከዚህም አልፈው ሰርቪስ ፓኩን ራሱን ሲዲው ውስጥ ያዋህዱት ነበር። የአሮጌውን ሲዲ ይዘት በሙሉ `C:\XP` ወደሚባል ፎልደር ገልብጦ ይህን ማዘዝ ነው፦

```
WindowsXP-KB936929-SP3-x86-ENU.exe /integrate:C:\XP
```

ከዚያ ፎልደሩ ቡት እንዲያደርግ ሆኖ በአዲስ ሲዲ ላይ ይቃጠላል። የቆመው ሰዓት አራት ዓመት ወደ ፊት ሄደ ማለት ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ 316 ሜጋባይቱን አዲስ አበባ ላይ ካወረደ፣ በሆሳዕና የሚጫነው ኮምፒውተር ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። ይህን ያደረጉ ባለሙያዎች ነበሩ። ግን ደንበኛው የሚከፍለው ለሚያየው ነገር ነው፤ ዊንዶውሱ ተከፈተ፣ ኦፊሱ ሠራ፣ አለቀ። ለማይታይ ማስተካከያ ብር የሚጨምር ሰው አልነበረም፣ ማንም ቢሮም ለዚህ ሥራ ሰው አልመደበም።

ሲዲው ግን ሳይታሰብ አንድ ውለታ ውሏል። አንድ ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ቫይረስ ሊጻፍበት አይችልም። ፍላሽ ረክሶ ማቀፊያው ሲጣል ይህ ጥበቃ አብሮ ተጣለ፤ በቀን አሥር ማሽን ላይ የሚሰካ የባለሙያ ፍላሽ ከአንዱ የወሰደውን ለሌላው ያደርሳል። ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚያስነሳውን አሠራር በአፕዴት በኩል ያስቀረው በየካቲት 2003 ዓ.ም. ነው። አፕዴት ለሚደርሰው ማለት ነው።

በእነዚያው ወራት ሌላ ነገር ተጀምሯል፣ ያኔ ብዙ ሰው ባያስተውለውም። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. መጨረሻ ጉግል ክሮምን ሲለቅ የሚወርደው ፋይል በጣም ትንሽ ነበር። ፋይሉ ፕሮግራሙን አልያዘም፤ ሲጫኑት ገና ፕሮግራሙን ሊያመጣ ወደ ኢንተርኔት ይሄዳል። ዛሬ አብዛኛው ሶፍትዌር እንዲህ ሆኗል። በዚህ የተነሳ የተለመደው ስህተት አንድ ነው፦ አዲስ አበባ ያለ ወንድም `ChromeSetup.exe` ፍላሽ ላይ ገልብጦ ወደ ዶዮገና ይልካል፣ ዶዮገና ሲከፈት ኢንተርኔት ይጠይቃል። መላክ የነበረበት `ChromeStandaloneSetup64.exe` ነው። መለያው መጠኑ ነው፤ የመጀመሪያው ጥቂት ሜጋባይት ሲሆን ሁለተኛው ከመቶ በላይ ነው። አንድ ትልቅ ፕሮግራም በሁለት ሜጋባይት ከመጣ፣ የመጣው ፕሮግራሙ አይደለም።

መጠኑ ሙሉ ሆኖም የሚያሳስት አለ። ፒችትሪን እንውሰድ። ስሙ ሴጅ 50 ተብሎ ከተቀየረ ዓመታት ቢያልፉም፣ የኢትዮጵያ የሂሳብ ሠራተኛ ዛሬም የሚማረውና የሚሠራበት የድሮው ፒችትሪ ነው። ዱራሜ ያለ አንድ ቢሮ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት አዲስ ላፕቶፕ ገዛ እንበል። የፒችትሪ ሴትአፕ ሙሉ ነው፣ ከድሮው ሲዲ የተገለበጠ። ሲጀመር ግን ዊንዶውሱ ዶት ኔት 3.5 ያስፈልጋል ይላል፣ ከኢንተርኔት ላውርድ ብሎም ይጠይቃል። እሺ ቢባል መስመሩ አይበቃም፣ እምቢ ቢባል ፒችትሪ አይከፈትም። ሂሳብ ሠራተኛዋ ሴትአፑ ተበላሽቷል ብላ ታስባለች፣ ሌላ ፍላሽ ይፈለጋል፣ ሦስት ቀን ያልፋል። የሚፈለገው ፋይል ግን ዊንዶውሱ የተጫነበት ፍላሽ ላይ፣ `sources\sxs` በሚባለው ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ፍላሹ D ከሆነ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ከፍቶ እንዲህ ማዘዝ በቂ ነው፦

```
dism /online /enable-feature /featurename:NetFx3 /all /source:D:\sources\sxs /limitaccess
```

የመጨረሻው ቃል ኢንተርኔት አትፈልግ ማለት ነው። `0x800F081F` የሚል ስህተት ከመጣ ፋይሉ በተባለው ቦታ የለም፣ ወይም ፍላሹ ላይ ያለው ዊንዶውስ ላፕቶፑ ላይ ካለው ጋር እትሙ አይገጥምም። `winver` ብሎ ማየት ልዩነቱን ያሳያል። ስለዚህ ዊንዶውስ የጫነ ባለሙያ ፍላሹን ለሌላ እትም አጥፍቶ ከመጠቀሙ በፊት ያን አንድ ፎልደር ለባለቤቱ ገልብጦ ቢሰጥ፣ የሦስት ቀኑ ነገር በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

የፍላሹ ይዘት ከየት እንደመጣ ማወቅ ሌላው ጉዳይ ነው። በእጅ የተቀባበለ ሴትአፕ ላይ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። በቀኝ ጠቅ አድርጎ ፕሮፐርቲስ ውስጥ `Digital Signatures` የሚለውን ማየት ግን ያለ ኢንተርኔትም ይቻላል። የክሮም ሴትአፕ `Google LLC` የሚል ፊርማ ከሌለው፣ ወይም ፊርማው ልክ አይደለም ካለ፣ የጉግል ሥራ ሆኖ አልቀረም። በክራክ የተለወጠ ፋይል ይህን ፈተና አያልፍም። አብዛኛው የአገራችን ሶፍትዌር በክራክ የሚጫን በመሆኑም፣ ሰው ፊርማ የማየት ልማድ ሳያዳብር ቀረ።

መስመሩ ከድሮው እጅግ ተሻሽሏል፣ በሞባይል ዳታ ክሮምን ማውረድ ለብዙዎች ችግር አይደለም። ነገር ግን በሰኔ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተዘጋ። በሰኔ 2012 ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። በነዚያ ቀናት ሃርድ ዲስኩ የተበላሸ ቢሮ ሥራ የጀመረው ወይም ያቆመው፣ አንድ ሰው አስቀድሞ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ባስቀመጠው ልክ ነው። በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ቢሮዎቹ ሆሳዕናን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ሲከፋፈሉ፣ በየቦታው ኮምፒውተር እንደገና ተጫነ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ቀን የወጡት ማስተካከያዎች በ`.msu` ፋይል ተለይተው ከማይክሮሶፍት ካታሎግ ይወርዳሉ፤ አንድ ጊዜ ወርደው በአንድ ዲስክ ከተቀመጡ ለአንድ ዞን ቢሮዎች ሁሉ ይበቃሉ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ መስመር ያለበት ክፍል፣ አንድ ዲስክና ሥራዬ ነው የሚል አንድ ሰው ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚያው ሆሳዕና ውስጥ ነው።