የተመለሰው ዋጋው ነው ወይስ አማካዩ?

እ.ኤ.አ. በ1907 የኔዘርላንዱ ሮያል ደች እና የእንግሊዙ ሼል ትራንስፖርት የተባሉት ኩባንያዎች ሕጋዊ ህልውናቸውን ለየብቻ እንደያዙ የነዳጅ ሥራቸውን ለማጣመር ተዋዋሉ። በውሉም መሠረት ከጋራው ጥቅም ከመቶ 60ው ለሮያል ደች፣ ከመቶ 40ው ለሼል ሆነ። ስለዚህ የሮያል ደች አክሲዮኖች ጠቅላላ ዋጋ የሼልን አንድ ተኩል እጥፍ መሆን ይገባው ነበር። ይሁን እንጂ አክሲዮኖቹ በየፊናቸው በተለያዩ ገበያዎች ይሸጡ ስለነበር፣ ዋጋቸው ከዚህ ልክ አንዳንዴ ከፍ፣ አንዳንዴም ዝቅ ይል ነበር።

ይህን ያስተዋለ ነጋዴ የረከሰውን ይገዛል፤ የተወደደውን ደግሞ ከባለቤቶቹ ተበድሮ ይሸጣል፤ ልዩነቱ ሲጠብም ያተርፋል። ችግሩ መቼ መግባት፣ መቼስ መውጣት እንደሚገባ ማወቁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኒው ዮርክ ጥንድ አክሲዮኖችን በኮምፒዩተር እያነጻጸሩ መነገድ ከተጀመረ ወዲህ፣ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ የሚከተለው መለኪያ ነው፤

z = (P − M) / S

በዚህ ቀመር P የዕለቱ ልዩነት፣ M ያለፉት፣ እንበል፣ 20 ቀናት አማካይ፣ S ደግሞ በእነዚያው ቀናት የታየው የመዋዠቅ ልክ፣ ማለትም መደበኛ ልይይት ነው። በየዕለቱ አዲሱ ቀን ሲገባ አሮጌው ስለሚወጣ፣ አማካዩም ከገበያው ጋር አብሮ ይጓዛል። ዜድ 2 ሲደርስ ይገባል፤ ወደ ዜሮ ሲመለስ ይወጣል፤ 3.5 ካለፈ ደግሞ ኪሳራው ሳይብስ ይቆረጣል።

ሐሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የሮያል ደች ዋጋ ከተገቢው ልክ በአማካይ ከመቶ 6 ይበልጣል፣ የመዋዠቁም ልክ ከመቶ 1 ነው እንበል። ልዩነቱ 8 ሲደርስ ዜድ 2 ስለሚሆን ነጋዴው ይገባል። ልዩነቱ ግን በመጥበብ ፈንታ ቀስ በቀስ ሰፍቶ 10 ላይ ቢረጋ፣ ከ20 ቀናት በኋላ አማካዩም 10 ይደርሳል፤ ዜድም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ደንቡ «ተመልሷልና ውጣ» ይላል። በእርግጥም መለኪያው ተመልሷል፤ ዋጋው ግን አልተመለሰም፤ ወደ ዋጋው የሄደው አማካዩ ነው። በ8 የገባው ሰው በ10 ሲወጣ ከመቶ 2 ያህል ይከስራል።

የመቁረጫው ደንብስ ለምን አላዳነውም? ልዩነቱ በየቀኑ በእኩል መጠን እያደገ ቢሄድ፣ አማካዩ ከኋላው ይከተላል፤ የመዋዠቁም ልክ አብሮ ይሰፋል። በ20 ቀናት ስሌት እንዲህ ያለው ጉዞ፣ ዕድገቱ ፈጣንም ይሁን ዘገምተኛ፣ የሚሰጠው ዜድ 1.6 ገደማ ነው። ስለዚህ 3.5 ላይ የተተከለው ማስጠንቀቂያ ሳይደወል ኪሳራው ይከማቻል።

መፍትሔው መውጫውን በመግቢያው ዕለት መወሰን ነው። የዚያን ቀን አማካይና ልይይት ሳይለወጡ ይያዛሉ፤ በምሳሌያችን የትርፉ መውጫ 6፣ የኪሳራው መቁረጫ 9.5 ሆነው ይጸናሉ። ከሁለቱ አንዱም ሳይደርስ፣ ለምሳሌ 30 ቀን ካለፈ፣ ንግዱ ይዘጋል። ከእያንዳንዱ ንግድ በኋላም ዋጋው ምን ያህል፣ አማካዩ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ለየብቻ ቢመዘገብ እውነተኛው መመለስ ከሐሰተኛው ይለያል።

ሆኖም መቁረጫው ራሱ ከመግቢያው ሐሳብ ጋር ይጋጫል። ልዩነቱ በ8 ለመግባት የሚጋብዝ ከነበረ፣ በ9.5 ይበልጥ መጋበዝ ነበረበት። ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ታሪክ የዚህን ግጭት ክብደት ያሳያል። ድርጅቱ ይህንኑ መለኪያ ተጠቅሟል ማለት ሳይሆን፣ በእነዚህ ሁለት አክሲዮኖች ላይ ልዩነቱ ይጠባል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1997 ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ ልዩነቱ ከመቶ 8 እስከ 10 ሲሆን፣ ድርጅቱ ያሰለፈው በሁለቱም ወገን ተደምሮ 2.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ1998 ነሐሴ ወር ሩሲያ ዕዳዋን አልከፍልም ስትል ገበያዎች ሁሉ ተናወጡ። ከራሱ ገንዘብ 25 እጥፍ ገደማ ተበድሮ ይሠራ የነበረው ድርጅት በሌሎች ንግዶቹም ስለከሰረ ሊታገሥ አልቻለም። ልዩነቱ በዚያው ዓመት መጸው ወደ 22 ሲወጣ፣ እጅግ ርካሽ በሆነበት ሰዓት ለቆ ለመውጣት ተገደደ።

በ2005 ሁለቱ ኩባንያዎች ወደ አንድ ኩባንያ ተዋሐዱ፤ ልዩነቱም ከነጭራሹ ጠፋ። የድርጅቱ ግምት በመጨረሻ ትክክል ነበር፤ ዳሩ ግን የዘገየው በሰባት ዓመት ነው። ዜድ ዋጋው ከልማዱ ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል፤ እስኪመለስ ድረስ ባለገንዘቡ መቆየት ይችል እንደሆነ ግን አይናገርም። መቁረጫው ሊተከል የሚገባውም በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ መልስ ላይ ነው።